ፒሲአር የሚያባዛው የማንን ዲኤንኤ ነው?

በኢትዮጵያ ወባን ከሚያስከትሉ ጥገኛ ተውሳኮች ሁለቱ ይበዛሉ፤ ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረምና ፕላዝሞዲየም ቫይቫክስ። ትኩሳቱ፣ ብርድ ብርድ ማለቱና ራስ ምታቱ ይመሳሰላል፤ ሕክምናው ግን ይለያያል። ፋልሲፓረም በጊዜ ካልታከመ አንጎልን ሊያጠቃና ሊገድል ይችላል። ቫይቫክስ ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ እንደገና ስለሚነሣ፣ ደም ውስጥ ያለውን ከሚገድለው መድኃኒት በተጨማሪ ጉበት ውስጥ የተደበቀውን የሚያጠፋ ፕሪማኪን ያስፈልገዋል። ስለዚህ "ወባ አለብህ" ማለት ብቻ አይበቃም፤ የትኛው ወባ እንደሆነ መታወቅ አለበት።

በጤና ጣቢያ የተለመደው መንገድ የደም ጠብታ በስላይድ ላይ ቀብቶ፣ በጂምሳ ቀለም አቅልሞ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። የሠለጠነ ዓይን ሁለቱን ይለያል። ተውሳኩ በጣም ሲያንስ፣ ወይም ሁለቱ በአንድ ሰው ደም ውስጥ ተገናኝተው አንዱ ሌላውን ሲሸፍነው ግን የሠለጠነ ዓይንም ይስታል። ተመራማሪዎች እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲገጥማቸው ወደ ፒሲአር ይሄዳሉ።

ስለ ፒሲአር ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የማባዛት ኃይሉ ነው። ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ። ከታማሚ ደም በወጣ ዲኤንኤ ውስጥ አብዛኛው የሰውየው የራሱ ነው፤ የተውሳኩ ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ቱቦ ተቀላቅሎ ሳለ የቱ ተባዝቶ የቱ እንደሚቀር የሚወሰነው በሁለት ነገሮች ነው፤ ፕራይመር በሚባሉ ሁለት አጫጭር የዲኤንኤ ክሮች፣ እና በየዙሩ ለጥቂት ጊዜ በሚቆይ አንድ የሙቀት ልክ።

አንድ ዙር፣ ሦስት የሙቀት ደረጃዎች

ጆርጅ ስኑኑና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ይፋ ያደረጉት የወባ ምርመራ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፤ ዛሬም በብዙ አገሮች የምርምር ቤተ ሙከራዎች ይሠራበታል። የሚያባዛው 18 ኤስ የተባለውን የሪቦዞም አርኤንኤ ጂን ነው። ይህ ጂን ለምርመራው የሚመች ጠባይ አለው። የወባ ተውሳኮች ሁሉ አላቸው፤ በአንዱ ተውሳክ ውስጥም በብዙ ቅጂ ይገኛል። አንዳንዱ ክፍሉ በሁሉም የወባ ዝርያዎች አንድ ዓይነት ሲሆን፣ ሌላው ክፍሉ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል።

ወደ ቱቦው ከደሙ የወጣው ዲኤንኤ ይገባል። ሁለቱ ፕራይመሮች፣ አዲስ ክር የሚሠራባቸው አራቱ የዲኤንኤ ፊደላት (ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ)፣ ማግኒዥየም ያለበት በፈር እና ታክ ፖሊመሬዝ የተባለው ኢንዛይም ይጨመራሉ። ቱቦው ቴርሞሳይክለር ውስጥ ይቀመጣል። ማሽኑ የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በታዘዘው ጊዜ ያሞቃል፣ ያቀዘቅዛል።

የመጀመሪያው ደረጃ ማላቀቅ ነው። ዲኤንኤ እርስ በርሳቸው የተጣመሩ ሁለት ክሮች ነው፤ ኤ ከቲ ጋር፣ ጂ ከሲ ጋር ይያያዛሉ። ቱቦው ለአንድ ደቂቃ ያህል 94 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ እነዚህ ማያያዣዎች ይላቀቁና ሁለቱ ክሮች ለየብቻ ይቀራሉ። በዚህ ደረጃ ምርጫ የለም፤ የሰውም የተውሳኩም ዲኤንኤ ይላቀቃል።

ሁለተኛው ባለሙያዎቹ አኒሊንግ የሚሉት የማጣበቅ ደረጃ ነው። በዚህ ምርመራ ማሽኑ ወደ 58 ዲግሪ ይወርድና ሁለት ደቂቃ ይቆያል። የተለያዩት ረጃጅም ክሮች ጥንዳቸውን ፈልገው እስኪያገኙ ጊዜ ይፈጅባቸዋል። ፕራይመሮቹ ግን አጭር ናቸው፤ ቁጥራቸውም እጅግ ብዙ ስለሆነ ፊደላቸው የሚገጥምበትን ቦታ ቀድመው ይይዛሉ። ምርጫው የሚደረገው እዚህ ነው።

ሦስተኛው ማራዘም ነው። በ72 ዲግሪ ታክ ፖሊመሬዝ በሙሉ ጉልበቱ ይሠራል፤ በደቂቃ 1,000 ያህል ፊደል ይጨምራል ተብሎ ይታሰባል። በስኑኑ ምርመራ የመጀመሪያው ክፍል የሚባዛው 1,200 ፊደል ያህል ስለሆነ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ይህ ኢንዛይም ክርን ከባዶ መጀመር አይችልም። በሌላ ክር ላይ የተጣበቀ ጫፍ ሲያገኝ ግን ከዚያ ጀምሮ ይቀጥላል። ፕራይመሩ በትክክለኛው ቦታ ይሁን በስሕተት መጣበቁን የሚመረምርበት መንገድ የለውም።

በሦስቱ ደረጃዎች መጨረሻ የታለመው ክፍል በእጥፍ ይጨምራል፤ ከዚያ ዙሩ ይደገማል። ሁሉም ነገር በተስተካከለበት ሁኔታ ከ25 ዙር በኋላ አንዱ ቅጂ ከ33 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። በተግባር እጥፉ ሙሉ ስለማይሆን ቁጥሩ ከዚህ ያንሳል፤ ቢሆንም በዓይን ለማየት የሚበቃ ዲኤንኤ ይገኛል።

ስሕተት በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ሲገባ

ፕራይመር በማይገባው ቦታ ሲጣበቅ የሚሆነውን ማወቅ የቀረውን ሁሉ ለመረዳት ይጠቅማል። 21 ፊደል ያለው ፕራይመር በሰው ዲኤንኤ ላይ 17ቱ ፊደል የሚገጥምለት ቦታ አገኘ እንበል። አራቱ አይገጥሙም። ሙቀቱ ዝቅ ያለ ከሆነ ይህ የተጎደለ ጥምረት ለአፍታ ይቆያል፤ ኢንዛይሙም ደርሶ ያራዝመዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ይለወጣል። ፕራይመሩ ራሱ የአዲሱ ክር መጀመሪያ ሆኖ ቀርቷል። በሚቀጥለው ዙር ይህ አዲስ ክር ሲገለበጥ በቅጂው ላይ የሚሠፍረው የፕራይመሩ ጥንድ እንጂ የሰውየው የመጀመሪያ ፊደል አይደለም። ስለዚህ ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ ፕራይመሩ በዚያ የስሕተት ቦታ 21ዱም ፊደል የሚገጥምለት ይሆናል። ቁም ጸሐፊ አንድ ቃል ስቶ ብራና ላይ ቢያሰፍር፣ ከዚያ ብራና የሚገለብጥ ሁሉ ስሕተቱን ትክክል ብሎ እንደሚወስደው ነው። ከዚያ ወዲያ ሙቀቱን ከፍ ማድረግ ስሕተቱን አይለየውም።

የፒሲአር ባለሙያዎች ስለ መጀመሪያዎቹ ጥቂት ዙሮች አብዝተው የሚጨነቁት በዚህ ምክንያት ነው። ሆት ስታርት የሚባለው የኢንዛይም ዓይነትም የመጣው ለዚህ ነው። ታክ ፖሊመሬዝ በክፍል ሙቀት እንኳ ጥቂት ስለሚሠራ፣ ቱቦው ገና ሲዘጋጅ በልቅ የተጣበቁ ፕራይመሮችን ሊያራዝም ይችላል። ሆት ስታርት ኢንዛይም በፀረ እንግዳ አካል ወይም በኬሚካል ታስሮ የሚቆይ ነው፤ መጀመሪያ በ95 ዲግሪ ካልሞቀ ሥራ አይጀምርም።

ፕራይመር እንዴት ይመረጣል?

መጀመሪያ የሚታሰበው ርዝመት ነው። በአራት ፊደል ብቻ በተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ አንድ የተወሰነ ባለ 10 ፊደል ቃል በአማካይ በየአንድ ሚሊዮን ፊደል አንዴ በአጋጣሚ ይገኛል። የሰው ዲኤንኤ ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደል ስላለው እንዲህ ያለ አጭር ፕራይመር ሦስት ሺህ ያህል ማረፊያ ያገኛል ማለት ነው። ባለ 16 ፊደል ቃል ግን በአማካይ ከአራት ቢሊዮን ፊደል አንዴ ነው የሚገኘው። ብዙዎቹ ፕራይመሮች ከ18 እስከ 30 ፊደል የሚሆኑት በዚህ ስሌት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ቦታ ነው። በስኑኑ ምርመራ ሥራው በሁለት ተከፍሏል። መጀመሪያ በወባ ተውሳኮች ሁሉ አንድ ዓይነት በሆነው የጂኑ ክፍል ላይ የሚያርፉ ፕራይመሮች ለ25 ዙር ይሠራሉ፤ እነዚህ "ወባ ነው" ከማለት አያልፉም። ከዚያ ከተገኘው ቅጂ ጥቂት ተወስዶ አዲስ ቱቦ ውስጥ ይገባና፣ ዝርያን በሚለየው ክፍል ላይ የሚያርፉ ሌሎች ፕራይመሮች ለ30 ዙር ይሠራሉ። በመጀመሪያው ክፍል በስሕተት የተባዛ የሰው ዲኤንኤ ቢኖር እንኳ ለሁለተኛዎቹ ፕራይመሮች የሚሆን ማረፊያ ስለማይኖረው እዚያው ይቀራል። የወገኑና የፋልሲፓረሙ ፕራይመሮች ሲታዘዙ የሚጻፉት እንዲህ ነው፦

```
rPLU5  CCTGTTGTTGCCTTAAACTTC
rPLU6  TTAAAATTGTTGCAGTTAAAACG
rFAL1  TTAAACTGGTTTGGGAAAACCAAATATATT
rFAL2  ACACAATGAACTCAATCATGACTACCCGTC
```

ፕራይመር ሲነበብ ከፊደላቱ ሁሉ ይልቅ በቀኝ በኩል ያሉት የመጨረሻዎቹ ሦስት አራት ፊደላት ያመዝናሉ። ኢንዛይሙ አዲስ ፊደል የሚቀጥለው በዚህ ጫፍ ላይ ነው፤ ባለሙያዎች ሦስት ፕራይም ይሉታል። በግራ በኩል አንድ ፊደል ባይገጥም ፕራይመሩ ብዙ ጊዜ ሥራውን ይሠራል። የመጨረሻው የቀኝ ፊደል ካልገጠመ ግን ጫፉ ይለቅና ኢንዛይሙ መቀጠል ይከብደዋል፤ ታክ ፖሊመሬዝ የማይገጥመውን ፊደል ቆርጦ የማረም ችሎታም የለውም። ስለዚህ ሁለት ዝርያዎችን መለየት የፈለገ ሰው ፊደላቸው የሚለያይበትን ቦታ ፈልጎ ልዩነቱ በቀኝ ጫፍ ላይ እንዲውል ያደርጋል።

መጻሕፍት ቀኝ ጫፉ በጂ ወይም በሲ ቢያልቅ ይመረጣል ይላሉ። ጂ ከሲ ጋር በሦስት ማያያዣ፣ ኤ ከቲ ጋር በሁለት ስለሚያያዙ የመጀመሪያው ጥንድ ይጠብቃል። ከላይ ያሉት ሦስቱ ይህን ይከተላሉ። ከፋልሲፓረሙ ፕራይመሮች የመጀመሪያው ግን በኤና በቲ ብቻ በተሠራ ጫፍ ያልቃል፤ ከ30 ፊደሉም ጂና ሲ 8ቱ ብቻ ናቸው። የፋልሲፓረም ዲኤንኤ አምስት እጅ ቢከፈል አራቱ እጅ ያህል ኤና ቲ ነው። በእንዲህ ያለ ተውሳክ ላይ የሚሠራ ሰው ሕጉን ሁሉ የሚያሟላ ቦታ ሁልጊዜ አያገኝም፤ ዝርያውን የሚለየው ክፍል ባለበት መሥራት ይኖርበታል። የላላውን ጥምረት የሚያካክሰው ርዝመቱ ነው።

የመጨረሻው ጥንቃቄ ሁለቱ ፕራይመሮች እርስ በርስ እንዳይገጥሙ ነው። ቀኝ ጫፎቻቸው ከተያያዙ ኢንዛይሙ እነርሱኑ ያራዝማል፤ ፕራይመር ዳይመር የሚባል አጭር ቁራጭ ይፈጠርና ለታለመው ክፍል የተዘጋጀውን ፊደልና ኢንዛይም ይሻማል።

58 ዲግሪ ከየት መጣ?

እያንዳንዱ ፕራይመር ከማረፊያው ጋር ከተጣመረው ግማሹ የሚላቀቅበት የሙቀት ልክ አለው። ይህን ለመገመት የቆየ ቀላል ስሌት አለ፤ ለያንዳንዱ ኤና ቲ ሁለት ዲግሪ፣ ለያንዳንዱ ጂና ሲ አራት ዲግሪ መደመር ነው፦

```
Tm = 2 × (A + T) + 4 × (G + C)
rPLU5: 2 × 12 + 4 × 9 = 60
rPLU6: 2 × 17 + 4 × 6 = 58
```

ሁለቱ የወገን ፕራይመሮች በሁለት ዲግሪ ብቻ መለያየታቸው ደህና ነው። ልዩነቱ ቢሰፋ ለአንዱ የተመቸው ሙቀት ለሌላው ወይ የላላ ወይ የጠበቀ ይሆናል። የተለመደው ምክር ከዝቅተኛው ስሌት አምስት ዲግሪ ያህል ወርዶ ሙከራ መጀመር ነው፤ ይህ ወደ 53 ዲግሪ ይወስደናል። የምርመራው መመሪያ ግን 58 ላይ ይሠራል። ስሌቱ መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም።

ወደ ባለ 30 ፊደሉ የፋልሲፓረም ፕራይመር ስንሄድ ይህ ጎልቶ ይታያል። ቀላሉ ስሌት 76 ዲግሪ ይሰጠዋል። ለረዘሙ ፕራይመሮች የሚሠራበት ሌላ ስሌት ግን እንዲህ ይላል፦

```
Tm = 64.9 + 41 × (G + C − 16.4) / N
rFAL1: 64.9 + 41 × (8 − 16.4) / 30 ≈ 53
```

አንዱ ፕራይመር በሁለት ስሌት ከ20 ዲግሪ በላይ ተለያየ። የመጀመሪያው ስሌት ለአጫጭር ፕራይመሮች የተበጀ ስለሆነ ከ20 ፊደል ሲያልፍ ያጋንናል። ሁለተኛውም በቱቦው ውስጥ ያለውን ጨውና ማግኒዥየም አያይም። ማግኒዥየም ጥምረትን ያጠብቃል፤ መጠኑ ከፍ ሲል የተጎደለ ጥምረትም ይጸናል። ዛሬ ፊደሎቹ ጎን ለጎን እንዴት እንደተደረደሩ የሚያሰሉ የተሻሉ ፕሮግራሞች አሉ። የእነርሱም መልስ በቱቦ ውስጥ ተፈትኖ ነው የሚጸናው።

ፈተናው የሚደረገው ግራዲየንት ባለው ማሽን ነው። አንድ ዓይነት ድብልቅ በብዙ ቱቦ ይከፈልና የማጣበቂያው ሙቀት ከቱቦ ቱቦ ከፍ እያለ እንዲሄድ ይደረጋል፤ ለምሳሌ ከ50 እስከ 65 ዲግሪ። ውጤቱ በአጋሮዝ ጄል ላይ በኤሌክትሪክ ሲነዳ አጫጭር ቁራጮች ቀድመው ይሄዳሉ፣ ረጃጅሞቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ። በዝቅተኛው ሙቀት በኩል ያሉት መሥመሮች ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ባንድ ወይም የተቀባ ጭጋግ ያሳያሉ። ሙቀቱ ከፍ ሲል ትርፍ ባንዶቹ አንድ በአንድ ይጠፉና ትክክለኛው ብቻ ይቀራል። ከዚያም ሲያልፍ እርሱም ይደበዝዛል፤ ፕራይመሩ በራሱ ማረፊያም ላይ መቆየት አቅቶታል። የሚመረጠው አንድ ብቻ ጥርት ያለ ባንድ የሚታይበት ከፍተኛ ሙቀት ነው። ከዚያ ዝቅ ማለት የውሸት ውጤት ይጋብዛል፤ ከፍ ማለት ደግሞ ጥቂት ተውሳክ ብቻ ያለበትን ታማሚ ነፃ ነህ ያስብላል።

ሙቀት ይህን ያህል መምረጥ እንደሚችል የታየው በዘዴው ታሪክ መጀመሪያ ላይ ነው። ኬሪ ሙሊስ እ.ኤ.አ. በ1983 በካሊፎርኒያ ሲተስ በተባለ ኩባንያ ሲሠራ ፒሲአርን ባሰበበት ዘመን ይሠራበት የነበረው ኢንዛይም ከባክቴሪያ የተገኘ፣ በ37 ዲግሪ የሚሠራና በየዙሩ ማላቀቂያ የሚሞት ነበር። በዚያ ዝቅተኛ ሙቀት ፕራይመር በብዙ ቦታ ይጣበቅ ስለነበር ከሚባዛው ውስጥ የታለመው ክፍል ድርሻ ትንሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 እዚያው ያሉ ተመራማሪዎች ከፍልውሃ ባክቴሪያ የወጣውን ታክ ፖሊመሬዝ አስገቡ። ከፍ ባለ ሙቀት ማጣበቅና ማራዘም ሲቻል የውጤቱ ጥራት አብሮ ከፍ አለ።

በተገቢው 58 ዲግሪ የሁለተኛው ክፍል ጄል ሲነበብ ፋልሲፓረም በ205፣ ቫይቫክስ በ120 ፊደል ርዝመት ላይ ባንድ ያሳያል። ሁለቱም ያሉበት ሰው ሁለቱንም ያሳያል። ከሁለቱ በታች፣ ወደ ጄሉ መጨረሻ የሚታይ ደብዛዛ ባንድ ብዙ ጊዜ ፕራይመር ዳይመር ነው፤ ዲኤንኤ ሳይሆን ውሃ በገባበት ኔጌቲቭ ኮንትሮል ውስጥም ከታየ ይህ ይረጋገጣል። በውሃው መሥመር 205 ወይም 120 ላይ ባንድ ከታየ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ቀድሞ የተባዛ ዲኤንኤ ከቱቦ ቱቦ ተሻግሯል። ቱቦው በመካከል የሚከፈትበት ባለ ሁለት ክፍል ምርመራ ለዚህ ይጋለጣል፤ ያን ቀን የተሠራው ሁሉ ይጣላል።

ርዝመቱ ትክክል፣ ባለቤቱ ሌላ

ሁሉም ነገር በመመሪያው መሠረት ተሠርቶ፣ ውሃውም ንጹሕ ሆኖ፣ ፕራይመሩ ራሱ የሚያሳስትበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ባልቢር ሲንግና ባልደረቦቹ በማሌዥያ ሳራዋክ፣ በካፒት አካባቢ ያገኙትን አሳተሙ። በማይክሮስኮፕ ፕላዝሞዲየም ማላሪዬ እየተባሉ ይመዘገቡ የነበሩት ብዙዎቹ ታማሚዎች የያዛቸው የዝንጀሮ ወባ፣ ፕላዝሞዲየም ኖውሌሲ ነበር። ከመረመሯቸው 208 ሰዎች በ120ው ውስጥ አገኙት። ነገሩ ከባድ ነው፤ ማላሪዬ በ72 ሰዓት አንዴ የሚራባ ሲሆን ኖውሌሲ በ24 ሰዓት ስለሚራባ በቶሎ ሊገድል ይችላል። ይህን የለዩት ለኖውሌሲ 18 ኤስ ጂን በተሠሩ ፕራይመሮች ነበር፤ ከተወሰኑት ናሙናዎች የተገኘውንም ጂን ፊደል በፊደል አንብበው አረጋግጠዋል።

ፕራይመሮቹ ወደ ሌሎች አገሮች ቤተ ሙከራዎች ተሠራጩ። እ.ኤ.አ. በ2009 ማሊካ ኢምዎንግና ባልደረቦቿ አንድ ነገር አስታወቁ፤ እነዚሁ ፕራይመሮች በአንዳንድ የቫይቫክስ ናሙናዎች ላይም ይጣበቃሉ። የተባዛው ክፍል ፊደሉ ሲነበብ የቫይቫክስ ሆኖ ተገኘ። ኖውሌሲና ቫይቫክስ በዘር የተቀራረቡ ናቸው፤ በዚያ ጂን ላይ የሚለያዩበት ፊደል ጥቂት ነው። ሁልጊዜ አለመሆኑ ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ዙሮች ጠባይ ጋር ይስማማል። የተጎደለ ጥምረት አንዴ ቀንቶት ከተራዘመ ቀሪዎቹ ዙሮች ያበዙታል፤ ካልቀናው ምንም አይታይም። የ2004ቱን ግኝት ይህ አላፈረሰውም፤ በጂን ንባብ የተደገፈ ነበርና። በፕራይመሩ ብቻ ተማምኖ ቫይቫክስ በበዛበት አገር "ኖውሌሲ ተገኘ" ማለት ግን አስተማማኝ እንዳልሆነ ታየ።

ሁለት ዝርያዎች በማረፊያው ቦታ ይህን ያህል ሲመሳሰሉ፣ ትክክለኛውን ጥምረት ከተጎደለው የሚለየው የሙቀት ርቀት እጅግ ይጠባል። ያን ጠባብ ርቀት ደግሞ የማሽን ልዩነት ወይም ትንሽ የማግኒዥየም ጭማሪ ሊያጠፋው ይችላል። መፍትሔው የሚለያዩበት ሌላ ቦታ መፈለግ ነው፤ ኢምዎንግና ባልደረቦቿም አዲስ ፕራይመሮች ሠሩ። ሙቀት መምረጥ የሚችለው ፕራይመሩ ልዩነት ባለበት ቦታ ላይ ካረፈ ብቻ ነው።

ስለዚህ አዲስ ፕራይመር የሚቀበል ቤተ ሙከራ በታለመው ዝርያ ላይ መሥራቱን አይቶ አይበቃውም። በአገሩ በሚገኙት የቅርብ ዘመዶቹ ዲኤንኤ ላይ፣ በራሱ ማሽን፣ በራሱ በፈር ይፈትነዋል፤ በእነርሱ ላይ ባንድ እንደማይሰጥ ያረጋግጣል። ያልተጠበቀ ዝርያ በተገኘ ጊዜም ባንዱን ከጄሉ ቆርጦ ፊደሉን ሳያስነብብ ውጤት አያወጣም። ጄል የሚናገረው የአንድን ቁራጭ ርዝመት ብቻ ነው፤ ቁራጩ የማን እንደሆነ የሚነግረው የፊደሉ ንባብ ነው።